አራት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ቁልፍ

ጅጅጋ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ወደሚሰፋ ልብስ ሰፊ የሄድኩት ከጃኬቴ ላይ አንድ ቁልፍ ወድቆብኝ ነበር። ሰውዬው ጃኬቱን ገለበጠ፣ የቀሩትን ሁለት ቁልፎች በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ከመኪናው ሥር አንድ የማርመላታ ብርጭቆ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ብርጭቆው እስከ አፉ ድረስ ቁልፍ ሞልቶበታል። «የአዴርን ቁልፍ አምሳያ ፈልጊ» አላት፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ነው፣ እኔን ማለቱ ነበር። ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ያ ሁሉ ቁልፍ ከየት መጣ ያሰኛል። የአካባቢው ልብስ ቁልፍ አይወድም፤ የሴቶቹ ዲራዕና ባቲ ያለ ቁልፍ ይጠለቃል፣ የወንዶቹ ሽርጥ ተጠቅልሎ ወገብ ላይ ይቋጠራል። ብርጭቆውን የሚሞሉት ሸሚዝ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ካፖርትና ልባሽ ጨርቅ ናቸው። ተጠግኖ የማይለበሰው ልብስ ጨርቁ ለመወልወያ ይሄዳል፣ ቁልፉ ተቆርጦ ይቀመጣል። ከዚያም አንድ አንድ እየተባለ ለሌላ ልብስ ስለሚወጣ ብርጭቆው ውስጥ ከሁለት ቁልፍ በላይ አብሮ የመጣ ዘመድ እምብዛም አይገኝም።

ልጅቷ ብርጭቆውን ሙሉ በሙሉ አልገለበጠችውም። ጥቂት እፍኝ ሰሌኑ ላይ አፈሰሰች። ቆጠርኳቸው፤ 42 ነበሩ፣ ከአንድ ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ መክፈቻ ጋር። ወዲያው ጃኬቴን ረሳችው። ትልቁን የካፖርት ቁልፍ ከፊት አደረገች፣ ከኋላው እያነሰ እያነሰ የሚሄድ ረጅም ሰልፍ ሠራች፤ መጨረሻ ላይ የሸሚዝ ቁልፎች ተንጠባጠቡ። «ግመሎች ናቸው» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ አንዷን ግመል ሊሰርቅ ሲል እጁን መታችው።

ዣን ፒያዤና ባርቤል ኢንሄልደር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ የመደቡት ነገር ዓይኔ ሥር ነበር። ትንንሽ ልጆች «የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ» ሲባሉ መጀመሪያ የሚሠሩት ምድብ አይደለም፣ ሥዕል ነው፤ ቤት፣ ባቡር፣ አበባ። ጅጅጋ ላይ ግመል መሆኑ አይገርምም። ስለ ቁልፍ ለልጆች ታሪክ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ይህችን ደረጃ ይዘሏታል። ልጃቸው ብርጭቆውን ገልብጦ በቀጥታ ቀዩን ከቀይ ጋር ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው ልጅ የመምህሩ እንጂ የእናቱ ልጅ አይመስልም።

ቀጥሎ በቀለም ለየቻቸው፤ ነጭ 16፣ ጥቁር 12፣ ቡናማ 8፣ የቀሩት 6 ዝንጉርጉሮች። አንዷ ቁልፍ ግን ብዙ አስቸገረቻት። ከባሕር ዛጎል የተቀረጸች ናት፤ ፊቷ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ጀርባዋ ግን ቡናማ ጭረት አለው። ነጭ ላይ አስቀመጠቻት፣ ገለበጠቻት፣ ቡናማ ላይ ወሰደቻት፣ መለሰቻት። አባትየው ከመኪናው ሳይነሳ «ጉንጭሽ ላይ አድርጊያት» አላት። ዛጎል ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ወዲያው የሰውን ሙቀት ይቀበላል። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስቱንም ነጭ አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ ለጠፈች። ከዛጎሏ በቀር ሁሉም ፕላስቲክ ነበሩ። የእኔ ቁልፍ ጥቁር ስለሆነ ይህ ሁሉ ለጃኬቴ ምንም አልፈየደም፤ ግን ማን ደፍሮ ያስቆማታል?

እኔ በዚህ መሐል የማስበው አሜሪካዊው አርኖልድ ሎቤል እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን የጠፋ ቁልፍ ታሪክ ነበር። ልጅ የለባትም፣ ብርጭቆም የለባትም፤ እንቁራሪትና ጓደኛው ጉርጥ ብቻ ናቸው ያሉት። ቢሆንም ስለ ቁልፍ መለየት ከተጻፉት ሁሉ የምትበልጣትን አላገኘሁም። ጉርጡ ከረጅም ጉዞ ተመልሶ የጃኬቱ ቁልፍ መጥፋቱን ያያል። ሁለቱም በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። መስኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይገኛል፣ ግን ጥቁር ነው፣ የጉርጡ ነጭ ነበር። ድንቢጥ ሌላ ታመጣለች፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ የእርሱ አራት ነበረው። ቀጥሎ ጫካ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ፣ ከዚያ አራት ማዕዘን ቁልፍ፣ ከዚያ ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ቀጭን ቁልፍ።

የእጅ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሎቤል የጠፋው ቁልፍ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ላይ አይነግረንም። በተገኘው ቁልፍ ሁሉ ላይ ጉርጡ አንዲት ምክንያት ብቻ ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ «አይደለም» አንድ ጠባይ እናገኛለን። አምስት ጊዜ ተከልክለን አምስት ጠባይ እጃችን ላይ ይቀራል፤ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ትልቅ፣ ክብ፣ ወፍራም። መመደብን በመመደብ አላስተማረም፣ በመከልከል ነው። ጉርጡም ያልሆኑትን አይጥላቸውም፤ እየተነጫነጨ ሁሉንም ኪሱ ይከታቸዋል። ኪሱ ሳያውቀው ብርጭቆ ሆነ።

ወደ ሰሌኑ ልመለስ። ልጅቷ የቀለም ክምሮቿን አፍርሳ በቀዳዳ ለየች፤ ባለ አራት 23፣ ባለ ሁለት 11፣ ከጀርባቸው ጆሮ ያላቸው 8። ያኔ ጥቁሮቹ በሦስቱም ክምር ተበታተኑባት። ፊቷ ተለወጠ። አሁን ያለፈውን ሥራዋን ማጣቷ ገባት። ትንሽ አሰበችና የመጀመሪያዎቹን የቀለም ክምሮች መልሳ ሠራች፣ ከዚያ ጥቁሮቹን ብቻ እዚያው ክምራቸው ውስጥ በቀዳዳ ከፈለቻቸው፤ ባለ አራት 6፣ ባለ ሁለት 4፣ ባለ ጆሮ 2። ክምር በክምር ውስጥ። ይህን ማንም አላሳያትም።

ይህ እርምጃ ትልቅ መሆኑን ያሳየኝ ወንድሟ ነው። «ነጮቹ ይበዛሉ ወይስ ጥቁሮቹ?» አልኩት። «ነጮቹ» አለ፣ ትክክል። «ነጮቹ ይበዛሉ ወይስ ቁልፎቹ?» ስለው አሁንም «ነጮቹ» አለኝ። ነጮቹን አንዴ ካነሳቸው በኋላ ለእርሱ ቁልፍ ማለት ጥቁሮቹ ብቻ ናቸው። እህቱ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ፤ «አዴር፣ ነጮቹም ቁልፍ ናቸው እኮ!» ያሞኘኋት መስሏታል።

ስድስቱን ባለ አራት ቀዳዳ ጥቁሮች ወደ ጃኬቱ ወሰደቻቸው። በቁልፍ ነጋዴ መለኪያ አንድ ኢንች 40 ቁጥር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ብዙ ጊዜ 18፣ የኮትና የጃኬት ፊት 32 ይሆናል፣ ማለትም 20 ሚሊሜትር ገደማ። ልጅቷ ቁጥር የላትም፣ የጃኬቱ ቀዳዳ አላት። ሦስቱ ሲያስገቧቸው ሾልከው ወጡ። አንዱ አልገባም። ሁለት ቀሩ፤ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ስፋታቸው እኩል ነው። ሁለቱም ይሆናሉ ብላ ለአባቷ ሰጠቻቸው። እርሱ አንደኛውን ጠርዙን አይቶ መለሰላት፤ «ይሄ ቀጭን ነው።»

እዚህ ላይ ሎቤል ቀጭኑን ቁልፍ የመጨረሻ ማድረጉ በዘፈቀደ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ቀለም ከሩቅ ይታያል፣ ቀዳዳ ጠጋ ሲሉ ይታያል፣ ውፍረት ግን በጣት ካልተያዘ አይታወቅም። ለልብስ ሰፊ ደግሞ ውፍረት ጌጥ አይደለም። የቁልፍ ቀዳዳ የሚቀደደው የቁልፉ ስፋትና ውፍረት ተደምሮ ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቁልፍ 24 ሚሊሜትር ይቀደዳል። በዚያ ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁልፍ ቢገባ ላዩ ላይ ያምራል፤ ሰውዬው ሲቀመጥና ሲነሳ ግን ራሱን እየፈታ ይወጣል።

ያችን መክፈቻ ልጅቷ ገና ከጅምሩ ዳር አድርጋት ነበር። «እሷም ቁልፍ ናት እኮ» አልኳት፣ በአማርኛ። ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ሶማልኛ መክፈቻውን ፉሬ ይለዋል፣ ለልብሱ ሌላ ስም አለው። በር የሚከፍተውንም ደረት የሚዘጋውንም ቁልፍ የምንለው እኛ ነን። የሎቤልን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ጉርጡን «ቁልፌ ጠፋ» ካሰኘው ሕፃኑ አንባቢ የቤት መክፈቻ ሊፈልግ ይሄዳል። «የጃኬቴ ቁልፍ» ብሎ መጀመር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን በስም የሚመደብ አንድ ተጨማሪ ክምር በነፃ ያገኛል፣ የእንግሊዝኛው አንባቢ የማያገኘውን።

ልብስ ሰፊው ወፍራሙን ሰፋው። ክሩን ድርብ አደረገ፣ በቁልፉና በክሩ መካከል የክብሪት እንጨት አስገባ፣ በአራቱ ቀዳዳ እያሻገረ ደጋገመው። እንጨቱን ሲስበው ቁልፉ ከጨርቁ ትንሽ ከፍ አለ፤ በዚያች ክፍተት ክሩን አራት ጊዜ ዙሪያውን ጠምጥሞ ከጀርባ ቋጠረው። ያ አንገት ከሌለ ቁልፉ ሲቆለፍ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ይሸበሸባል፣ ክሩም ቶሎ ይበላል። የወደቀው ቁልፌ ለምን እንደወደቀም አሳየኝ። ከቀሩት ከሁለቱ በአንዱ ጀርባ የተንጠለጠለች የክር ጫፍ ይዞ ሲስባት ስፌቱ ሁሉ እንደ ሰንሰለት ተተርትሮ ወጣ፣ ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። የፋብሪካ መኪና በአንድ ክር እያያያዘ የሰፋው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለቱንም እንደገና ሰፋልኝ፤ የሦስት ቁልፍ ሒሳብም ተቀበለኝ።

ሎቤልም የሚጨርሰው በስፌት ነው። ጉርጡ በንዴት ቤቱ ገብቶ ቁልፉን እዚያው ወለሉ ላይ ያገኘዋል፤ ጓደኛውን በከንቱ ማድከሙ ያሳፍረዋል፤ ኪሱ የሰበሰባቸውን ሁሉ ጃኬቱ ላይ ሰፍቶ ለእንቁራሪቱ ይሰጠዋል። እንቁራሪቱ ለብሶት በደስታ ይዘላል፣ አንድም ቁልፍ አይወድቅም፣ ምክንያቱም ጉርጡ በደንብ ሰፍቷቸዋል። ስለ ወዳጅነት አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ስፌት ጥራት ተናግሮ ታሪኩን ይዘጋል። ከዚህ የተሻለ አዘጋግ አላውቅም።

ልጅቷ የተረፉትን 41 ቁልፎች ወደ ብርጭቆው አፈሰሰቻቸው፣ ተደባልቀው። መክፈቻዋን ለአባቷ ሰጠችው። አገላብጦ አያትና ከኋላው ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አሳየኝ፤ ጓጉንቸሩ በመዶሻ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።