ቀን የምትገፋው ጣት

የአውቶማቲክ ሰዓት ፊት ከነቆጣሪዎቹ ሲነሳ ከሥሩ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ጠርዙን የከበበው የቀን ቀለበት ነው። ከ1 እስከ 31 ያሉት ቁጥሮች በላዩ ታትመዋል፤ እኛ በመስኮቷ በኩል የምናየው አንዱን ብቻ ነው። የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ 31 ጥርስ አለው። ከጥርሶቹ በሁለቱ መካከል የአንዲት ቀጭን ሞላ አፍንጫ ገብታ ቀለበቱን አንቃ ይዛዋለች፤ ቁጥሩ ከመስኮቷ መሐል እንዳይንሸራተት የምታደርገው እሷ ናት። ቀለበቱ በራሱ የሚሄድበት ምንም ኃይል የለውም። በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም አንድ ጥርስ ብቻ፣ የምትገፋው አንዲት ጣት አለች። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የዚያች ጣት ነገር ነው።

ብዙ ሰው በሚያውቀው ማሽን ላይ እንየው። ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውና በሴኮ 5 ሰዓቶች ውስጥ ለዓመታት የተገጠመው 7ኤስ26 የዕለቱንም ስም፣ የወሩንም ቀን የሚያሳይ ርካሽና ጠንካራ ማሽን ነው። መሙያው፣ ምንም እንኳ መሙያ ብንለው፣ ሰዓቱን አይሞላም፤ የሚሞላው የክንዳችን እንቅስቃሴ ነው። መሙያው የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው፦ አንድ ደረጃ ሲሳብ ቀኑንና ዕለቱን በቀጥታ ይቀይራል፣ ሁለት ደረጃ ሲሳብ ቆጣሪዎቹን ያዞራል።

ጣቷ የተሠራችው በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በሚዞር መዘውር ላይ ነው። መዘውሩ ኃይሉን የሚያገኘው ሰዓት ቆጣሪውን ከሚያዞረው መዘውር ነውና በሰዓት 15 ዲግሪ ብቻ ይጓዛል። ዝግታውን ልብ ይሏል። ጣቷ አብዛኛውን ቀን ባዶ ቦታ ላይ ትዞራለች፣ ማንንም አትነካም። የሰዓቱ ፊት ከምሽት በኩል 9 ላይ ሲደርስ ግን ወደ ቀለበቱ ጥርሶች ትጠጋለች፤ ቀስ ብላም በሁለት ጥርሶች መካከል ትገባና ከፊቷ ያለውን ትገፋለች። የመያዣዋ ሞላ አፍንጫ በጥርሱ ተዳፋት ላይ መውጣት ትጀምራለች። በዚህ ሰዓት መስኮቷን አተኩሮ ያየ ሰው ቁጥሩ ከመሐል በትንሹ ፈቀቅ ማለቱን ያስተውላል። አፍንጫዋ የጥርሱን ጫፍ እስክታልፍ ጣቷ ትሠራለች፤ ጫፉን ካለፈች በኋላ ግን ሥራው የሞላዋ ነው። በሌላኛው ተዳፋት ተንሸራታ ትወርዳለች፣ ቀለበቱም የቀረውን መንገድ በራሱ ዘልሎ ይጨርሳል። ከአንድ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ለዚያ ሰዓታት የፈጀ ግፊት ነበር።

ቀኑ ቢቀየርም ሌሊቱ ገና አላለቀም። የዕለታቱ ክብ ላይ ሰባቱ ዕለታት በሁለት ቋንቋ ተፈራርቀው 14 ስም ተጽፎበታል፤ ከአረብ አገር በሚመጡት ሰዓቶች ላይ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ነው። ስለዚህ ክቡ በየሌሊቱ አንድ ሳይሆን ሁለት እርምጃ መሄድ አለበት። መጀመሪያ በሌላኛው ቋንቋ የተጻፈው ስም ብቅ ይላል፣ ከዚያ የራሳችን ይተካዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የእንግሊዝኛ ሰዓቱ ድንገት ዐረብኛ ሲያሳየው ተበላሸ ብሎ የደነገጠ ሰው ካለ፣ ያየው ሰዓቱ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ይህ ሁሉ አልቆ የቀኗ ጣትና ክቡን የምትገፋው ጣት ከጥርሶቹ የሚላቀቁት ፊቱ ወደ 4 ሲጠጋ ነው። መመሪያ ወረቀቶች ከ9 እስከ 4 ቀን አትቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን በዚህ መሐል አንድ ሰው መሙያውን አንድ ደረጃ ስቦ ቢያዞር ምን ይሆናል? መሙያው የራሱ ትንሽ መቀየሪያ መዘውር አለው፤ እሱም ያንኑ ቀለበት በሌላ ቦታ ይገፋል። ጣቷ በሁለት ጥርሶች መካከል ቆማ ሳለ ቀለበቱ ሲፈተለክ ከኋላዋ ያለው ጥርስ መጥቶ ጀርባዋን ይመታል። ሸሽታ እንዳታመልጥ ከቆጣሪዎቹ ጋር ተሳስራለች። ጣቷ አንዴ እስክትዞር ደቂቃ ቆጣሪው 24 ጊዜ ይዞራል፤ ከደቂቃው በኩል ለሚመጣ ኃይል ይህ ምቹ ነው፣ እየበረታ ጣቷ ጋ ይደርሳል። ከጣቷ በኩል ገፍቶ ደቂቃ ቆጣሪውን ማስኬድ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ደቂቃ ቆጣሪውን በቦታው የሚይዘውን ሰበቃ 24 እጥፍ አድርጎ ማሸነፍን ይጠይቃል። በተግባር ጣቷ ግድግዳ ናት ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን የሰው ሁለት ጣቶች በመሙያው በኩል ይጫናሉ፣ በሌላ ወገን የማይንቀሳቀስ ግድግዳ አለ፤ በመካከላቸው ያሉት ከጥፍር ያነሱ ጥርሶች ናቸው። የሚሰበረው ከሦስቱ ደካማው ነው፦ ጣቷ፣ የቀለበቱ ጥርስ ወይም የመቀየሪያው መዘውር ጥርስ።

እዚህ ላይ የንድፍ ሠሪዎቹን ጥበብ ማድነቅ ተገቢ ነው። በብዙ ማሽኖች ጣቷ ደረቅ ችካል ሆና አልተተወችም። ከመዘውሩ ጋር የምትያያዘው በቀጭን ክንድ ነው፤ ክንዷ እንደ ሞላ ይለመጣል። ፊቷ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥርሱን ስትገፋ አትለመጥም፤ ጀርባዋ ግን ተዳፋት ስለሆነ ከኋላ የመጣ ጥርስ ጫን ሲላት ጎንበስ ብላ ታሳልፈዋለች። አንዲት ቁራጭ ወደ አንድ ወገን ብርቱ፣ ወደ ሌላው ገር መሆኗ ከሚያምሩኝ የሰዓት ሥራዎች አንዱ ነው። ሰው ቆጣሪዎቹን ወደ ኋላ ሲያዞርም የምታድነው እሷ ናት። ነገር ግን መለመጧ ልክ አለው። ስትደክም ትሰነጠቃለች፤ ገፍታ ገፍታ ሞላዋን ጫፍ ላይ ባደረሰችበት ቅጽበት ከመጡባት ደግሞ ለመለመጥ ቦታ የላትም። አንዴ ተሳስቶ ምንም ያልደረሰበት ሰው የበዛው፣ ሦስተኛው ወይም አሥረኛው ላይ የሚሰበርበትም የበዛው ለዚህ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ነገሩ አንድ ተጨማሪ ጠማማ መንገድ አለው። መመሪያው ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 4 ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ተኝተን ስለምናሳልፈው አያሰጋም ሊባል ይችላል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የራሱን ፊት እንጂ ሰማዩን አይደለም። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር የሞላ ሰው ፊቱ 12 ላይ የሚደርሰው ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ነው፤ ስለዚህ ቀኑ የሚቀየረው ከሁለቱ በአንዱ ይሆናል። ንጋት 12 ላይ እንዲቀየር ከተሞላ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ይዘልቃል። ማታ 12 ላይ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 4 ነው። የመጀመሪያው ሰው ለብሶ ሲወጣ ሰዓቱን ከመሳቢያ አንስቶ የሚያስተካክልበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከሥራ የሚወጣበት።

የአገራችንን ቀን የሚከተልማ መሙያውን አብዝቶ ይነካል። ቀለበቱ 31 ጥርስ ስላለው ወራችን በ30 ባበቃ ቁጥር አንድ ቀን መዝለል አለበት፤ ጳጉሜን ተጨምራ በዓመት 13 ጊዜ እርማት ይሆናል። ፈረንጁ የሚያርመው አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከ20 ነው፣ ቀኑ 18 ነው እንበል። ሰዓቱ ቅዳሜና እሁድ ሳይታሰር ሰንብቶ ቆሟል፤ ፊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፣ መስኮቷ 16 ታሳያለች። ይህ 10 ከ40 የማሽኑ ቀን ይሁን ሌሊት ከፊቱ አይታወቅም፤ ሌሊት ከሆነ ጣቷ ጥርስ ውስጥ ናት። ስለዚህ ቀኑን ሳይነኩ መሙያውን ሁለት ደረጃ ስቦ ቆጣሪዎቹን ወደፊት ማዞር ነው። 12ን ሲያልፍ ቀኑ ወደ 17 ከዞረ የማሽኑ ሌሊት እሱ ነበር፤ ካልዞረ አንድ ዙር ይጨመርና ይዞራል። ከዚያ ሳይቆሙ እስከ 6 መሄድ። ፊቱ 6 ላይ ሲሆን፣ ጠዋትም ይሁን ማታ፣ ጣቶቹ ከጥርሶቹ ሩቅ ናቸው። አሁን መሙያው ወደ አንድ ደረጃ ተመልሶ ቀኑ የትናንቱ ይደረጋል፦ 17፣ እሁድ። ቀጥሎ መሙያው እንደገና ሁለት ደረጃ ተስቦ ቆጣሪዎቹ ወደፊት ሲሄዱ 12ን አንዴ ያልፋሉ፣ ቀኑ አይቀየርም፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፉ 18 ትመጣለች። ቀኑ በንጋት እንዲቀየር የፈለገ በቀጥታ 3 ከ20 ላይ ያቆመዋል። በማታ እንዲቀየር የፈለገ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሮ 3 ከ20 ላይ ያቆማል። የትናንቱን መርጦ ዛሬን በቆጣሪዎቹ ማምጣቱ ቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚዞር በዓይን ያረጋግጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሁሉም ሰዓት አያስፈልግም። ቀን በፍጥነት የሚቀየርበት መንገድ የሌላቸው የድሮ ማሽኖች ከዚህ አደጋ ነጻ ናቸው፤ ቀናቸው የሚሄደው ቆጣሪዎቹ ሲዞሩ ብቻ ነው። የሮሌክስ ዴትጀስት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲወጣ እንዲያ ነበር። በሌላ ወገን ቀን ያላቸው ብዙ የባትሪ ሰዓቶች ተመሳሳይ ጣትና ቀለበት አላቸው፤ ባትሪ መሆናቸው አያድናቸውም።

የተጎዳውን ክፍል ሰዓቱ ሳይከፈት መገመት ይቻላል። ቀኑ በመሙያ እየተቀየረ በየሌሊቱ ግን ባለበት ከቀረ የተሰበረችው ጣቷ ናት። በየሌሊቱ ራሱ እየተቀየረ በመሙያ ግን አልሄድ ካለ የተበላው መቀየሪያው መዘውር ነው። በየወሩ አንድ ቁጥር ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ቀለበቱ አንድ ጥርስ አጥቷል። ቀኑ በምሳ ሰዓት መቀየሩ ግን ስብራት አይደለም፤ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ለስብራቱ ከሆነ ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ሥራው ይከብዳል፤ ቆጣሪዎቹና ፊቱ ካልተነሱ ወደ ጣቷ አይደረስም። ሰዓት ሠሪው አዲሷን ጣት ሲገጥም የተሰበረችውን ቁራጭ ፈልጎ ማውጣትም አለበት፤ ከጥርሶች መካከል የወደቀች እንደሆነ አዲስ ዕቃ የገባለትን ሰዓት ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት ታቆመዋለች።