ሲወስዱ በሰከንድ፣ ሲመልሱ በሳምንት

"ገንዘብዎ ተመልሷል" የሚል መልእክት የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባንክ ሂሳቡ ነው። ምንም የለም! በማግስቱም የለም። ከዚያማ እርግማኑ ይጀምራል፤ "ሲወስዱ በሰከንድ፣ ሲመልሱ እግራቸው ይተሳሰራል!"

ንዴቱ ይገባናል። ግን ነገሩን ገለጥ አድርገን እንየው። ካርድ ስንሰጥ በሰከንድ የሚያልቀው ክፍያው ሳይሆን ፈቃዱ ነው። ባንካችን "ገንዘቡ አለ፣ ይዤልሃለሁ" ይለዋል ለሻጩ። ገንዘቡ ራሱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን መዘግየት የሚጠብቀው ሻጩ ስለሆነ እኛን አይቆረቁረንም። በመልሱ ጉዞ ግን ጠባቂዎቹ እኛው ነን።

አንድ ዋሽንግተን የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉት አክስቱ ከአየር መንገዱ በክሬዲት ካርዱ የ1,100 ዶላር ትኬት ገዛላቸው እንበል። አየር መንገዱ በረራውን ሰረዘ፤ እሳቸውም ሌላ ቀን አልፈለጉም። አርብ ማታ ቢሮው ተመላሹን አጸደቀ። ይሄ የድሮውን ክፍያ መፋቅ አይደለም፤ ወደ ኋላ የሚሄድ አዲስ ሂሳብ ነው። ከቀኑ ሂሳብ ጋር ተጠቃሎ ወደ አየር መንገዱ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ ከዚያ ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። በመሀል ቅዳሜና እሁድ አለ።

አክስትየው "ተሳፋሪዋ እኔ ነኝ፤ በብር ስጡኝ" ቢሉ ቢሮው እምቢ ይላል። ልክ ነው! እሳቸው ብሩን ተቀብለው ልጁ ደግሞ ባንኩ ዘንድ "አልተመለሰልኝም" ቢል፣ ሻጩ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው። የሰረቀውን ካርድ በትኬት በኩል ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለውጥ ሌባም አይጠፋም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ መጣበት ካርድ ይመለሳል፤ ክሬዲት ካርድ ነውና የልጁን ዕዳ ይቀንሳል እንጂ በእጁ አይገባም። ካርዱ ጠፍቶ በሌላ ቢተካ እንኳ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ ያዞረዋል። ሂሳቡ ጭራሽ ከተዘጋ ግን ነገሩ ይጓተታል።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። ሻጩ ገና ምንም ሳይልክ "ከባንክዎ ጠይቁ" ማለቱ! አሜሪካ በ2024 ባወጣችው ደንብ፣ ወደ አሜሪካም ሆነ ከአሜሪካ የሚበር አየር መንገድ ለሰረዘው በረራ በክሬዲት ካርድ የተከፈለውን በ7 የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ የተከፈለውን በ20 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት።

ውሸቱን ለመለየትም መንገድ አለ። የተላከ የካርድ ተመላሽ 23 አሃዝ ያለው መከታተያ ቁጥር አለው፤ ባንኩ በሱ ይፈልገዋል። "ልከናል" የሚለውን ሰው ቁጥሩን ይጠይቁት። ቀናት አልፈውም ቁጥሩን መስጠት ካቃተው፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ሳይሆን ገና እሱ ጋ ሳይሆን አይቀርም።