የነጠላው ዘርፍ

በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ስቀርጽ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልብስ ነጠላ ነው። ነጭ ስለሆነ ከጨርቁ የሚመለሰውን አረንጓዴ ብርሃን በሙሉ ይቀበላል። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለውን ያሳያል። የዘርፉ ክሮች ደግሞ በምስሉ ላይ ከአንድና ከሁለት ፒክስል አይሰፉም። አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ሁለት ጊዜ የቀረጽኩት በነጠላ ምክንያት ነው።

ክፍሉ 6 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ጨርቁ ደግሞ 3 ሜትር ስፋት። ዘፋኟ እጆቿን ስትዘረጋ ከጨርቁ እንዳትወጣብኝ ብዬ 1 ሜትር ብቻ ፊት ለፊቱ አቆምኳት። እሷንም ጨርቁንም በአንድነት በሁለት መብራቶች አበራሁ። በካሜራው ስክሪን ላይ ምንም ችግር አልታየኝም። ኤዲት ላይ ስቀመጥ ግን የትከሻዋ ጥላ ጨርቁ ላይ ወድቆ፣ የጨርቁ የላይኛው ክፍል ከታችኛው በጣም ደምቆ አገኘሁት። ደማቁን አረንጓዴ ሳጠፋ ጥላው ይቀራል፤ ጥላውንም ልጠርግ ስል የነጠላው ዘርፍ አብሮ ይሄዳል። Keylight ውስጥ `Screen Matte` የሚለውን ዕይታ ስከፍት፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ጥግ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያንን እንደምንም አልፌ ወደ ቀለሙ ገባሁ። ነጠላው አረንጓዴ ለብሷል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊ አማካይ እንዳይበልጥ መገደብ፦

```
g = min(g, (r + b) / 2)
```

ነጠላው ላይ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 225፣ ሰማያዊ 196 የነበረ ፒክስል አረንጓዴው ወደ 198 ወርዶ ነጭ ይሆናል። የፊቷም ቆዳ ጸዳ። የጥበቡ ወርቃማ ጥለት ግን ተበላሸ። ወርቃማ ቀለም የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ ነው፤ 220፣ 190፣ 40 የነበረው አረንጓዴው ወደ 130 ሲወርድ ጥለቱ ብርቱካንማ ሆነ። ለጥለቱ የሚስማማው ሌላኛው ገደብ ነው፦

```
g = min(g, max(r, b))
```

በዚህኛው 190ው ከ220 ስለማይበልጥ ምንም አይነካውም። ይህኑ ቆዳ ላይ ብጠቀምበት ደግሞ የቆዳ ቀይ ምንጊዜም ከፍ ያለ ስለሆነ አረንጓዴው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጥለቱን ከቀረው በማስክ ለይቼ ለየብቻ ገደብኳቸው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለን ጥለት በማስክ መከተል የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ይህ ሁሉ አልቆ እንኳ ነጠላው ብርሃኑን አጥቶ ነበር፤ ከላዩ የተቀነሰው አረንጓዴ ከድምቀቱም ይቀንሳልና። ዘፋኟ አይታ፣ «ወንድሜ፣ ነጠላዬ ለምን አመዳም ሆነ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እንደገና እንቅረጸው አልኳት።

በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ ያደረግነው እሷን ከጨርቁ 3 ሜትር ማራቅ ነው። ርቀቱ ጥላዋን ከጨርቁ ላይ ያነሳል፤ ወደ ነጠላዋ የሚመለሰውንም አረንጓዴ በእጅጉ ያሳንሳል። ችግሩ ስፋት ነው። ካሜራው ከእሷ 3 ሜትር ርቆ ቢቆም 3 ሜትሩ ጨርቅ እሷ ያለችበት ቦታ ላይ የሚሸፍነው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የተዘረጉ እጆች ከዚያ ይወጣሉ። በሩን ከፍተን ካሜራውን ወደ ኮሪደሩ አወጣነው። ከእሷ 5፣ ከጨርቁ 8 ሜትር ሲሆን ሽፋኑ ወደ 1.9 ሜትር ገደማ ደረሰ፤ ከጉልበቷ በላይ ለመቅረጽ በቃን። ከእጆቿ ውጭ የቀረውን ግድግዳ ኤዲት ላይ በማስክ መቁረጥ ቀላል ነው። ጨርቁ የሰውየውን ዙሪያ መሸፈን እንጂ ፍሬሙን መሙላት አይጠበቅበትም፤ ብዙ ጀማሪ ሰውን ከጨርቁ የሚያጣብቀው ይህን ባለማወቅ ይመስለኛል።

ጨርቁን በካውያ ተኩሰን ወጥረን፣ ለብቻው ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ ሰጠነው። ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም፤ ዌቭፎርሙን ከፍተን ጨርቁ አንድ ቀጭን አግድም መስመር እስኪሆን ድረስ መብራቶቹን ገፋን። መስመሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያ ጎን ጨልሟል ማለት ነው። ካሜራው ውስጥ ያለውን ሻርፕነስም ቀነስኩት፤ በጠርዝ ዙሪያ የሚሥለው ቀጭን መስመር ኪይ ሲደረግ እንደ ክር ተጣብቆ ይቀራልና።

ጠርዙን በአንድ ኪይ ለማውጣት አልሞከርኩም። አንዱን ኪይ `Clip White` ቀንሼ አካሏን ብቻ ድፍን አደረግኩበት፤ ከጠርዙም ወደ ውስጥ አጠበብኩት። ሌላውን ምንም ሳላጠነክር ለነጠላውና ለፀጉሯ ተውኩት። ሁለቱ ሲደራረቡ አካሏ ቀዳዳ የለውም፤ ነጠላው ግን ስስነቱ አልጠፋም። ስትዞር፣ ከኋላዋ ያስገባነው የሰሜን ተራሮች ምስል በነጠላዋ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ያልፋል፤ ዘርፉም ክር በክር ይቆጠራል። አገጯ ሥር ጥቂት አረንጓዴ ቀርቶ ነበር፤ እሱን በመጀመሪያው ገደብ አነሳሁት።