የባሌ ገጸ ባሕርይ ስም ከአያቱ ይጀምራል

በ1955 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተቀጣጠለውንና እስከ 1962 የዘለቀውን አመፅ መነሻ አድርጎ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው፣ ለዋና ገጸ ባሕርዩ የሚያምር የኦሮሞ ስም መምረጥ ይቃጣዋል። ናኦል ወይም ሲፈን ይለዋል። ለሮቤ የዛሬ ልጅ ይሆናሉ፤ ያኔ ዲንሾ ላይ ሲያርስ ለነበረ ጎልማሳ ግን አይሆኑም።

እኔ ከአያት ነው የምጀምረው። ሰውዬው በ1955 ሠላሳ ዓመቱ ከሆነ የተወለደው በ1925 ነው። አባቱ 1895 ገደማ፣ አያቱ 1865 ገደማ ተወልደዋል እንበል። አያትየው የራስ ዳርጌ ጦር አርሲን ድል ሳያደርግ በፊት የተወለደ ሰው ነው። እስልምና በባሌ ጥንታዊ ነው፤ የድሬ ሼህ ሁሴን መቃብር ምስክር ነው። ሆኖም ብዙ የደጋ ቤተሰቦች በስፋት የተቀበሉት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አያትየውን ጂሎ፣ አባትየውን ሮባ፣ ልጁን ከድር እላለሁ። ከድር ሮባ ጂሎ፦ ሦስት ትውልድ በአንድ ስም ውስጥ ተቀምጧል፤ አንባቢው ስለ ቤተሰቡ ሃይማኖት አንድ አንቀጽ አያስፈልገውም።

ይህን ከታሪክ ጋር አመሳክራለሁ። ከአመፁ መሪዎች ሐጂ አደም ሳዶ፣ አሊዬ ጪሪ እና ሁሴን ቡኔ ሁሉም በዚህ መልክ የተሰየሙ ናቸው፤ የራሳቸው ስም የሙስሊም፣ የአባታቸው የኦሮሞ። ግን ከሁሉም የታወቀው መሪ ዋቆ ጉቱ ነው፤ ሙስሊም ሆኖ ሁለቱም ስሞቹ የኦሮሞ ናቸው። ስለዚህ ንድፉ ዝንባሌን ያሳያል እንጂ ሕግ አይሆንም። በአንድ መንደር ያሉትን ሁሉ በአንድ ልክ ከሰፋኋቸው፣ እውነተኛ መንደር ሳይሆን ሠንጠረዥ ይመስላል።

ማዕረግም ዕድሜ አለው። አንድ ሰው ሐጂ ተብሎ የሚጠራው መካ ደርሶ ሲመለስ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሐጂ ካልኩት፣ ለጉዞው ከብት የሸጠበት ወይም ገንዘብ ያጠራቀመበት ዘመን ከታሪኩ በፊት ሊኖር ይገባል። ሐጂ የሚሆነው በመካከል ከሆነ፣ ጎረቤቶቹ አጠራራቸውን የሚቀይሩበትን ቀን አልዘልለውም።

ጎባ ላይ ስሌቱ ይለያል። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ስለነበረች ከሸዋ የመጡ የመኳንንትና የወታደር ቤተሰቦች ነበሩባት። ከእነርሱ ለአንዱ ልጅ ስም ስመርጥ ሁለት አዘጋጃለሁ፤ እናቱ ጥላሁን ትለዋለች፣ ቄሱ ሲያቆርቡት ግን ወልደ ገብርኤል ይሉታል። ሁለቱን አንድ ሰው አፍ ላይ መቀላቀል ስሕተት ነው።

በመጨረሻ የስሞቹን ዝርዝር ብቻ፣ ያለ ታሪኩ፣ ባሌን ለሚያውቅ አንባቢ እሰጣለሁ። ማን አዛውንት፣ ማን ወጣት፣ ማን የጎባ እንደሆነ ከገመተልኝ ይበቃል። አንዱ ስም ካደናገረው፣ ወይ እለውጠዋለሁ፣ ወይም ያን ስም ያገኘበትን ምክንያት ታሪኩ ውስጥ አስገባለሁ።