አማርኛው ሲያምር ተጠራጠሩ

በማሽን የተተረጎመ የአገልግሎት ውል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፦ «እንዴት ያምራል! ሰው የተረጎመው እኮ ነው የሚመስለው።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድሮ ማሽኑ ሲሳሳት አማርኛውም አብሮ ስለሚንጋደድ ስሕተቱ ራሱን ያሳብቅ ነበር። ዛሬ ዓረፍተ ነገሩ እንከን ሳይታይበት ተቃራኒውን ይናገራል። የውል ትርጉም በአማርኛው ጣዕም አይመዘንም።

የተዋዋዮቹን ስም፣ የአንቀጽ ቁጥሩን፣ የጎደለ ገጽ መኖር አለመኖሩን ማየት ለማንም አይነገርም። እኔ ሰው የምጨቀጭቀው ስለ አሉታ ነው።

እንግሊዝኛ ክልከላውን ቀደም አድርጎ ይናገራል፤ አማርኛ ግን ግሡ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ ያስረዋል። የሊፍት ጥገና ውል እንውሰድ። ትክክለኛው ትርጉም «አቅራቢው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ክፍያ ዘግይቷል በሚል ምክንያት አገልግሎቱን ሊያቋርጥ አይችልም» የሚል ነው እንበል። ማሽኑ ከሁለቱ አሉታዎች አንዱን ይዞ ሌላውን ጥሎ «...ሳይሰጥ አገልግሎቱን ሊያቋርጥ ይችላል» ብሎ ያወጣዋል። 30 ቀኑ አለ፤ ማስጠንቀቂያውም አለ፤ ሰዋስዉም ልክ ነው። ለሕንፃው ባለቤት የነበረው ጥበቃ ግን ተገልብጦ ለአቅራቢው መብት ሆኗል። በውሉ መጨረሻ «አለመግባባት ሲፈጠር የአማርኛው ቅጂ የበላይነት ይኖረዋል» የሚል አንቀጽ ካለ ደግሞ የሚፈረመው ለዚያ «ይችላል» ነው።

ግሡ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ሲገባ ይብሳል። «የሚመለስ ቅድመ ክፍያ» እና «የማይመለስ ቅድመ ክፍያ»፣ «የተጠናቀቀ ሥራ» እና «ያልተጠናቀቀ ሥራ» በፍጥነት ለሚያነብ ዓይን አንድ ናቸው። ማሽኑ ሲቀያይራቸው ሰዎች አይተው ያልፋሉ፤ አልፈውም ያመሰግናሉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ተርጓሚ አማርኛውን ገና ሳይነኩ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዘው ይቀመጡ ነበር። «ኖት»፣ «ኖ»፣ «አንለስ»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ዊዝአውት» እያሉ እያንዳንዱ ላይ በቀይ እርሳስ ክብ ያደርጋሉ። ከዚያ አማርኛውን ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይሰጡና በየክቡ ላይ ያስቆሙታል። «ማን፣ ምን እንዳያደርግ ተከለከለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንባቢው ካመነታ አንቀጹ ይመለሳል። እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ ክብ ያልተደረገበት ውል አልተመረመረም።

ክቦቹንና የአማርኛውን አሉታዎች ቆጥሮ ማመሳከር ብቻውን ግን አይበቃም። «ካልተስማሙ በስተቀር» ስንል ሁለት ምልክት ለአንድ አሉታ እንጠቀማለን፤ «በጽሑፍ ከሆነ ብቻ ይጸናል» የሚለው ደግሞ «በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም» ተብሎ በትክክል ሊተረጎም ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲለያይ ወዲያው ስሕተት ነው አትበሉ፤ አንቀጹን የአዛውንቱን ጥያቄ ጠይቁት። አማርኛውን መልሶ በማሽን ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎምም መተማመኛ አይሆንም፤ ማሽኑ የጠፋውን አሉታ ከአገባቡ ገምቶ ሊመልሰው ስለሚችል ጉድለቱን ይሸፍንላችኋል።

አሉታ ገንዘብም ይበላል። ዋጋው «ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም» የተባለው «ጨምሮ» ሆኖ ከመጣ፣ በ15 በመቶ ታክስ የ500,000 ብር ውል 75,000 ብር ያፋልሳል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ቁጥሮቹን ብቻ እያመሳከራችሁ አታገኙትም፤ 500,000ው በሁለቱም ቅጂ አንድ ነውና። ቁጥሩ በፊደልም በአኃዝም ሲጻፍ ደግሞ ሁለቱን አስተያዩ፤ «ሠላሳ (15) ቀን» የሚል ትርጉም አይቻለሁ።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልበል። ጁላይ 1 ቀን 2025 በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2017 ነው። ማሽኑ «ሐምሌ 1 ቀን 2025» ብሎ ይጽፋል። ወጣቱ አራሚ ዓመተ ምሕረቱን አይቶ 2017 ያደርገውና የጨረሰ ይመስለዋል፤ ውሉ ግን 7 ቀን ዘግይቶ ጀመረ፤ የማስጠንቀቂያውም የክፍያውም ቆጠራ አብሮ ተንሸራተተ። የወር ስም አይተረጎምም፤ ይሰላል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት» የሚል የአገልግሎት ሰዓት ካያችሁ ማሽኑ የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ ገልብጦታል፤ የታሰበው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው።

ትርጉም ስታስረክቡኝ ክቦቹ ያሉበትን የእንግሊዝኛ ቅጂ አብራችሁ አምጡ። ያለ እርሱ አላነበውም፤ እናንተም አትፈርሙበት።