«ይጠናከር» ለሚኒስትር ምን ይነግራል?

ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ የሚዘጋጁ የፖሊሲ ማጠቃለያዎች ብዙውን ጊዜ የሚዳከሙት በመጨረሻው ገጻቸው ነው። ማስረጃው በሚገባ ከተተነተነ በኋላ «ሥልጠና ይጠናከር፣ አቅርቦት ይሻሻል፣ ክትትል ትኩረት ይሰጠው» ተብሎ ይደመደማል። ቅደም ተከተልም ዋጋም ስለሌለ ሚኒስትሩ የሚወስኑት ነገር አያገኙም።

ማስረጃው ግን ከዚህ የጠራ ምክር ይደግፋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተሰኘ ጥናት በአራት የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ተካሂዷል። የሚፈሰውን ደም በመለኪያ ከረጢት እየለኩ ሕክምናዎቹን በአንድነት መስጠት፣ በአብዛኛው ከባድ የደም መፍሰስን ያካተተውን ዋና የጥናቱን መለኪያ በ60 በመቶ ቀንሶታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «በሆስፒታል ያለ ቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ሁሉ መለኪያ ከረጢት ከመጪው በጀት ዓመት ጀምሮ ይገዛ።» ወጪውም ከነስሌቱ በሥሩ ይስፈር። ለምሳሌ የከረጢቱ ዋጋ 100 ብር፣ የወላዶቹም ቁጥር 200,000 ነው ቢባል፣ ወጪው 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ ስለሆነ ከመነሻው የሥልጠና ወጪ ጋር ተደምሮ በአንድ አኃዝ መቅረብ የለበትም፤ አለዚያ በሁለተኛው ዓመት ከረጢቱ ከመጋዘን ሲያልቅ መግዣ በጀት አይኖርም።

ማሳጠር ግን የማስረጃውን ወሰን መሰረዝ አይደለም። ጥናቱ በሆስፒታል የተካሄደ እንጂ በጤና ኬላ የተፈተነ አይደለም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከወጣች፣ ሚኒስትሩ ያልተፈተነውን እንደተፈተነ ቆጥረው ይፈርማሉ።