ፍርሃት ነው ወይስ ያልተጠና ነገር?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና የማዘጋጃቸው ሰዎች «ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል» ይሉኛል። ከማጽናናቴ በፊት አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፦ ያጠፋባቸው ፍርሃት ነው ወይስ ቀድሞም በደንብ አልተጠናም?

የሜሪላንድ ፈተና 25 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ነው፤ ለማለፍ 22 መመለስ ያስፈልጋል። ተማሪዬን አንድ ጊዜ ያለ ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ በአዲስ ጥያቄዎች በሰዓት አስፈትነዋለሁ። ሁለቱንም ከወደቀ መመሪያ መጽሐፉን እንደገና ያንብብ፤ የትንፋሽ ልምምድ ያልተነበበን አይተካም። ያለ ሰዓት አልፎ በሰዓት ከወደቀ ግን ችግሩ ፍርሃቱ ነው።

ሌሊት የሚሠሩ አንድ አባት ያለ ሰዓት 24፣ በሰዓት 19 አመጡ። የሳቷቸውን ስድስት ጥያቄዎች አብረን ስናይ፣ አራቱ «ኤክሴፕት» የሚል ቃል ነበረባቸው፤ አላዩትም። የጨረሱትም በ9 ደቂቃ ነበር። ለአንድ ጥያቄ 48 ሴኮንድ እያላቸው ግማሹን እንኳ አልተጠቀሙበትም። ፍርሃት ሰውን ያስቸኩላል።

«እስቲ ይተንፍሱ» ስላቸው ደረታቸውን ነፍተው አየር በኃይል ሳቡ። ደጋግሞ በኃይልና በፍጥነት መሳብ ግን ራስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ፍርሃቱንም ያባብሳል። የሚያረጋጋው ማውጣቱ ነው፤ ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና። «ጋሼ፣ በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከንፈርዎን ጠበብ አድርገው እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ» አልኳቸው። ስድስት ጊዜ ሲደጋገም አንድ ደቂቃ ይሞላል። ይህን በየቀኑ ከልምምድ በፊት ያደርጉታል፤ በፈተናው ቀን እንዳይጀምሩት።

ልምምዱም ፈተናውን መምሰል አለበት። ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልክ መመለስ ፈተና አይደለም። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ ስልኩን አርቀው፣ ሰዓት ሞልተው፣ በሚፈተኑበት ቋንቋ ይሠራሉ። መልሱን ከመንካታቸው በፊት አንዴ ቀስ ብለው ያስወጣሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጥያቄውን ዳግም ያነባሉ። «ኤክሴፕት» የታየችው ያኔ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ በ16 ደቂቃ 23 አመጡ።

ቨርጂኒያ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አላት፦ የመንገድ ምልክት ጥያቄዎቹ 10 ናቸው፤ አሥሩንም ሳይመልሱ ወደ አጠቃላይ ጥያቄዎቹ አይታለፍም። ስለዚህ ለአሌክሳንድሪያ ተፈታኞች በምልክቶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሸፍኜ በቅርጽና በቀለም ብቻ አስለያቸዋለሁ። ስምንት ማዕዘን ቁም ነው፤ ወደ ታች የሾለ ሦስት ማዕዘን ቅድሚያ ስጥ፤ አምስት ማዕዘን ትምህርት ቤት። ሳያመነቱ መለየት ሲጀምሩ ፍርሃት የሚያጠፋባቸው ነገር ይቀንሳል።

ቀጠሮ የማስይዘው በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሰዓት፣ ባላዩዋቸው ጥያቄዎች ሲያልፉ ነው። ከዚያ በፊት ቀን መቁረጥ ፍርሃቱን ማስረዘም ነው።